"ትምህርት" ስንት ድምፅ አለው? ስለ ሳድስ፣ ስለ ጥብቀትና ፊደል ስለሚደብቀው ነገር

የንባብ አስተማሪ

ለሁለት ወር ያህል አንዲት ጎልማሳ ተማሪ አማርኛ ንባብ እያስተማርኩ ነው። አፏን የፈታችው በሌላ ቋንቋ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ በመጠኑም ትናገራለች፤ ማንበብ የጀመረችው ግን ከእኔ ጋር ነው። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ቅርጻቸው፣ 231ዱን ማለት ነው፣ በስድስት ሳምንት ለየቻቸው። በፍጥነቷ ተገርሜ ነበር።

ባለፈው ሳምንት "ትምህርት" የሚለውን ቃል ጻፍኩላት። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሳለፈች አምስቱንም አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን በሙሉ ድምፅ አነበበቻቸው። ምን እንዳነበበች ግን አላወቀችም። እኔ ቃሉን ስላት ፊቷ ተለወጠ፤ በየቀኑ የምትሰማው ቃል ነዋ! ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ "ም ላይ ድምፁ ለምን ጠፋ? ህ ላይስ ለምን አልጠፋም? ሁለቱም ሳድስ አይደሉም?" መልስ አጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳነብ ኖሬ ይህን ጠይቄ አላውቅም።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለልጅቷ ምን ልበላት? ሁለተኛ፣ እንደ ላቲን ባለ አልፋቤት የሚማር ሰው ይህ ችግር አይገጥመውም?

---

ባለ ብዕር

ችግሩ የልጅቷ እንጂ የፊደሉ አይመስለኝም። የእኛ ፊደል እኮ እንደ ጃፓኖች ካና ነው፤ አንድ ፊደል፣ አንድ ክፍለ ቃል። "ባ" ለማለት በላቲን ሁለት ፊደል ያስፈልጋል፤ እኛ በአንድ እንጨርሳለን። እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ አንድ አናባቢ በአምስት ዓይነት ሲነበብ ያያል፤ በእኛ ዘንድ ራብዕ ሁልጊዜ ራብዕ ነው። የተጻፈው ይነበባል፣ የሚነበበው ይጻፋል። ጥቂት ብትለማመድ ይስተካከልላታል።

---

ጠያቂው ገብሬ

እኔም በዚህ ጉዳይ ስቃጠል የኖርኩ ነኝ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሦስቱ ለምን ያስፈልጋሉ? ሰ እና ሠስ? አ እና ዐስ? ጸ እና ፀስ? አንድ ድምፅ አንድ ፊደል ቢሆን ተማሪዋ ከ231 ውስጥ ስንቱን ትገላገል ነበር! መጀመሪያ እነዚህን ሞክሼዎች እንቀንስ።

---

ብራና

ወንድሜ ገብሬ፣ የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ሌላ ነው። ያ ለአንድ ድምፅ ብዙ ፊደል መኖሩ ነው፤ ለጸሐፊ ይከብዳል እንጂ አንባቢን አያሳስትም። መምህሩ የጠየቁት ተቃራኒውን ነው፤ አንድ ፊደል ሁለት ድምፅ ሲኖረው።

አስቀድመን እንቁጠር። "ትምህርት" ሲጻፍ አምስት ፊደል ነው፤ በአፍ ሲባል ግን ሁለት ክፍለ ቃል ብቻ ነው፤ "ትም" እና "ህርት"። ባለ ብዕር እንዳሉት አንድ ፊደል አንድ ክፍለ ቃል ቢሆን ኖሮ በሁለት ፊደል በተጻፈ ነበር። የእኛ ፊደል የሚጽፈው ተነባቢን ከሚከተለው አናባቢ ጋር አጣምሮ ነው። አናባቢ የማይከተለው፣ ክፍለ ቃልን የሚዘጋ ተነባቢ ሲመጣ ግን የራሱ ቅርጽ ስለሌለው ሳድሱን ይዋሳል። ስለዚህ ሳድስ ሁለት ሥራ ተሸክሟል፤ አንድ ጊዜ አጭሯን "እ" ይዞ ይነበባል፣ ሌላ ጊዜ ባዶውን። ዓይን የሚያየው ቅርጽ ግን አንድ ነው።

ለተማሪዎ የሚነግሯት ሕግ አለ፤ ሕጉ የሚገኘው ግን ፊደሉ ላይ ሳይሆን አፍ ውስጥ ነው። አማርኛ ቃል ሲጀምር ሁለት ተነባቢ አጣምሮ አይነሣም፤ ስለዚህ በቃል መጀመሪያ ያለ ሳድስ ምንጊዜም ድምፅ አለው። ቃል መካከል ላይ ሁለት ተነባቢዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ሦስት ግን አይቆሙም፤ ሦስተኛው ሊመጣ ሲል አጭሯ "እ" መካከል ትገባለች። ቃል መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ተነባቢዎቹ ጠባይ ይለያያል። "ብርድ" እና "ስልክ" ላይ ለስላሶቹ ር እና ል ስለሚቀድሙ ቃሉ በሁለት ተነባቢ ይዘጋል። "ክብር" ላይ ግን ለስላሳው ር ኋላ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ብ ላይ "እ" ትሰማለች።

አሁን "ትምህርት"ን ይሞክሩት። ት መጀመሪያ ናት፣ ድምፅ አላት። ም የመጀመሪያውን ክፍለ ቃል ትዘጋለች፣ ባዶ ናት። ህ እንደገና ባዶ ብትሆን ተነባቢ በተነባቢ ላይ ይከመራል፤ ስለዚህ ድምፅ ታገኛለች። ር እና ት እንደ "ብርድ" አብረው ይዘጋሉ። ልጅቷ የጠየቀችው ይኸው ነው። አማርኛ አፍ የፈታ ሰው ይህን ሁሉ ሳያስበው ያደርገዋል፤ እርስዎም መልስ ያጡት ለዚህ ነው።

---

ባለ ብዕር

ቆጠራውን ተቀብያለሁ፤ "ትምህርት" ላይ ተሳስቻለሁ። ግን ካናም ቢሆን እንዲህ ያለ ችግር ሊኖርበት ነው ማለት ነው? ጃፓኖች በባዶ ተነባቢ ምን ያደርጋሉ?

---

ብራና

የጃፓን ቋንቋ ክፍለ ቃሎቹ በአብዛኛው ክፍት ናቸው፤ በአናባቢ ያልቃሉ። የሚዘጋቸው ብቸኛው ራሱን የቻለ ተነባቢ "ን" ነው፤ ለእሱም ለብቻው ፊደል አለው። ስለዚህ 46 መሠረታዊ ፊደላት ለራሳቸው ቋንቋ ይበቃሉ። ችግሩ የሚታየው የውጭ ቃል ሲገባ ነው። እንግሊዝኛው "ስትራይክ" አንድ ክፍለ ቃል ነው። በካና ሲጻፍ "ሱ-ቶ-ራ-ኢ-ኩ" ይሆናል፤ በቃሉ ውስጥ ያልነበሩ ሦስት አናባቢዎች ገቡ። እኛ ግን "ስትራይክ" ብለን እንጽፈዋለን። የቱ ሳድስ ድምፅ እንዳለው ባንናገርም ያልነበረ አናባቢ አልጨመርንም። ካና በግልጽ ይጽፋል፣ ቃሉን ግን ይለውጣል። ፊደላችን ቃሉን አይለውጥም፣ ግን ግልጽ አያደርገውም።

ከሁሉ የከፋውን ማየት ከፈለጋችሁ ሊኒየር ቢን ተመልከቱ። ማይክል ቬንትሪስ በ1952 የፈታው፣ በሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈ የጥንት ግሪክኛ ነው። ወደ 90 የሚጠጉ የክፍለ ቃል ምልክቶች አሉት፤ ሁሉም በአናባቢ ያልቃሉ። ግሪክኛ ግን በዝግ ክፍለ ቃልና በተጣመሩ ተነባቢዎች የተሞላ ነው። ጸሐፊዎቹ ምን አደረጉ? የክኖሶስን ከተማ ስም "ኮ-ኖ-ሶ" ብለው ጻፉ። ክ አናባቢ ስላልነበረው የጎረቤቱን "ኦ" አበደሩት፤ የመጨረሻውን ስ ጭራሹን ጣሉት። ወርቅ በግሪክኛ "ክሩሶስ" ነው፤ እነሱ "ኩ-ሩ-ሶ" አሉት። ነሐስ "ካልኮስ" ነው፤ "ካ-ኮ" ሆነ፤ ል ገደል ገባ። "ፓ-ቴ" ብለው ሲጽፉ ደግሞ "ፓቴር" ማለትም አባት ሊሆን ይችላል፣ "ፓንቴስ" ማለትም ሁሉም ሊሆን ይችላል።

ይህ ጽሕፈት እንዴት ሠራላቸው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጽላቶቹ የቤተ መንግሥት መዝገቦች ነበሩ። ስንት በግ፣ ስንት ማሰሮ ዘይት፣ ስንት ሠራተኛ። ጸሐፊውም አንባቢውም በአንድ መጋዘን ዙሪያ የሚሠሩ፣ የሚጠበቀውን ቃል አስቀድመው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ቤተ መንግሥቶቹ ሲጠፉ ጽሕፈቱም አብሮ ጠፋ። ግሪኮች ኋላ ከፊንቄያውያን ፊደል ሲወስዱ ለአናባቢም ለተነባቢም የየራሱን ምልክት ሰጡ። ሙሉ አልፋቤት ብለን የምንጠራው ከዚያ ይጀምራል። ያኔ "ክኖሶስ" እያንዳንዱ ድምፁ ሳይጣልና ሳይጨመርበት ተጻፈ።

---

በጆሮ አንባቢ

ይህ ውይይት ለእኔ የዕለት ተዕለት ኑሮዬ ነው። ማየት የተሳነኝ ነኝ፤ ጽሑፍ የሚያነብልኝ ስልኬ ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት እኅቴ "ልጁ ላይ ሽፍታ ወጣበት" የሚል መልእክት ላከችልኝ። የስልኩ ድምፅ ቃሉን ጫካ የገባው ሽፍታ አድርጎ አነበበው። ሽፍታ ልጁ ላይ ወጣበት ሲለኝ መንገድ ላይ ወንበዴ አግኝቶት መሰለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ። እኅቴ ያለችው የቆዳ ሽፍታ ነበር።

ዓይን ያለው ሰው ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው በአንድ እይታ አይቶ ይመርጣል። እኔ የምሰማው ማሽኑ የመረጠልኝን ነው። "አለ" ሲል ተናገረ ይሁን ይኖራል ይሁን፣ "ይበላል" ሲል ይመገባል ይሁን ምግብ ይሆናል ይሁን፣ "ዋና" ሲል መዋኘት ይሁን ዋነኛ፣ በየዐረፍተ ነገሩ እያቆምኩ መልሼ እሰማለሁ። "የተጻፈው ይነበባል" የሚለውን አባባል በሰማሁ ቁጥር የእኔ ጆሮ ያዝናል።

---

ብራና

ወንድሜ፣ ያመጡት ቃል የነገሩን ሥር ያሳያል፤ ላስፋፋው ፍቀዱልኝ።

"ሽፍታ" ሁለት ጊዜ አሻሚ ይመስላል። ወንበዴው ላይ ፍ ላልታ፣ ባዶዋን ትነበባለች። የቆዳው ላይ ደግሞ ፍ ትጠብቃለች፣ ከዚያም አልፎ ድምፅ ታወጣለች። ጥብቀቱም አልተጻፈም፣ አጭሯ "እ"ም አልተጻፈችም። ሁለት ነገር የተደበቀ ይመስላል። የተደበቀው ግን አንድ ነው፤ ጥብቀቱ።

ምክንያቱም የጠበቀ ተነባቢ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ወንበዴው ላይ ፍ እና ት ሁለት ተነባቢዎች ናቸው፤ ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ ምንም አያስፈልጋቸውም። የቆዳው ላይ ግን ፍ-ፍ-ት ሦስት ሆኑ። ሦስት አይቆምም ብለናል፤ ስለዚህ አጭሯ "እ" መግባት አለባት። የጠበቀውን ፍ መሰንጠቅ አይቻልምና ከእሱ ኋላ፣ ከት በፊት ትገባለች። ማለትም "እ"ን ያመጣት ጥብቀቱ ነው።

በሌላ ቃል እንፈትነው፤ "ምስክር"። ክ ትጠብቃለች። ስ ባዶ ብትሆን ስ-ክ-ክ ሦስት ተነባቢ ይከመራል፤ ስለዚህ ስ ድምፅ ታገኛለች። ከጠበቀው ክ ኋላም ር ሲመጣ ሌላ "እ" ያስፈልጋል። ቃሉ ሦስት ክፍለ ቃል ሆነ። ክ ላልታ ቢሆን ኖሮ ስ ባዶዋን በቆመች፣ ቃሉም በሁለት ባለቀ ነበር።

ስለዚህ አብዛኛው ሰው "ሳድስ አስቸጋሪ ነው" ሲል እኔ አልስማማም። ጥብቀት ቢጻፍ የሳድስ ጉዳይ በአብዛኛው በሕግ ይፈታል። የፊደላችን እውነተኛ ጉድለት ጥብቀትን አለመጻፉ ነው። ይህ ደግሞ የክፍለ ቃል ጽሕፈት ጠባይ ብቻ አይደለም። የጃፓኑ ካና "ኪቴ" የሚለውን ቃል ት ስትጠብቅ፣ ያኔ ቴምብር ማለት ነው፣ "ትሱ" የምትባለዋን ፊደል አሳንሶ ከፊቷ በማስገባት ይለየዋል። አንዲት ትንሽ ምልክት ናት፤ ግን ማንም ጃፓናዊ አይተዋትም።

---

የቁልፍ ሰሌዳ ሰው

እኔ ፕሮግራም ጻፊ ነኝ፤ የአማርኛ ጽሑፍ መፈለጊያ ስሠራ ነው ከዚህ ጉዳይ ጋር የተገናኘሁት። ብራና ስለ ጉድለቱ ተናገሩ፤ እኔ ፊደሉ በደንብ ስለሚሠራው ነገር ላውራ።

ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ሰባራ፣ ስብር። ሥሩ ስ-ብ-ር ነው፤ የሚለዋወጡት አናባቢዎች ናቸው። በአልፋቤት ቢጻፍ አናባቢዎቹ በተነባቢዎቹ መካከል እየገቡ ሥሩን ይበትኑታል። በካና ዓይነት ጽሕፈት ቢጻፍ ደግሞ "በ" እና "ባ" ምንም ዝምድና የሌላቸው ቅርጾች ይሆናሉ። በእኛ ፊደል የተነባቢው አካል እንዳለ ይቆያል፤ የሚለወጠው እግሩ ወይም ክንዱ ነው። ዓይን ሥሩን ሳይፈልግ ያገኘዋል።

ደስ የሚለኝ ይህ ጠባይ ኮምፒውተር ውስጥም መቆየቱ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ እያንዳንዱ የፊደል ረድፍ ስምንት ቦታ ይዟል። ሰ ከ`U+1230` ይጀምራል፣ ሳድሱ ስ `U+1235` ላይ ነው። በ ከ`U+1260` ይጀምራል፣ ብ `U+1265` ላይ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ፊደል ወደ ሳድሱ መመለስ እንዲህ ቀላል ነው፦

```
def sades(w):
    return ''.join(chr((ord(c) & ~7) | 5) for c in w)
```

`sades("ሰባራ")` ብትሉት "ስብር" ይሰጣችኋል፤ "ሰበረ"ም "ሰባሪ"ም ያንኑ። በላቲን ፊደል ግን አናባቢዎቹን ዘርዝሮ ከተነባቢዎቹ መካከል መሰረዝ ያስፈልጋል።

ግን ወሰኑንም ልናገር። "ይሰብራል" ሲመጣ ቅጥያዎቹ አብረው ስለሚገቡ "ይስብርል" ይወጣል፤ እነሱን አስቀድሞ መንቀል ያስፈልጋል። "ሰማ" ላይ ደግሞ ሦስተኛው ሥር ከአማርኛ ስለጠፋ "ስም" ይቀራል፤ መስማትና ስም አንድ ላይ ይወድቃሉ። እንደ ቁ እና ቊ ያሉትም በተለያየ ረድፍ ስለተቀመጡ አይገናኙም።

ስለ ጥብቀትም፣ ምልክቱ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ `U+135F`። ከፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች ናቸው። የቆዳውን "ሽፍ፟ታ" ብላችሁ ብትጽፉ ለማሽኑ የጎደለው ነገር ተሟላለት ማለት ነው። ችግሩ፣ እኔ የሞከርኳቸው የቁልፍ ሰሌዳዎች አብዛኞቹ ምልክቱን አያወጡትም፤ አንዳንድ የፊደል ቅርጾችም ነጥቦቹን ከፊደሉ ጎን ይጥሏቸዋል። በፍለጋም ጊዜ "ሽፍታ" ብሎ የፈለገ ሰው "ሽፍ፟ታ"ን አያገኝም፤ ምልክቱን አስቀድሞ የሚያነሣ መስመር ካልተጨመረ በቀር።

---

ባለ ሁለት ቋንቋ

አፌን የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በሁለቱም ፊደል እጽፋለሁ። በቋንቋዬ "በዳ" ላይ ዳ ስትላላ መጥፎ ማለት ነው፤ ስትጠብቅ ደጋ ማለት ነው። በግዕዝ ፊደል ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ። በቁቤ ግን የጠበቀው ተነባቢ ተደግሞ ይጻፋል። አናባቢም ሲረዝም ይደገማል። አምስት አናባቢ እያንዳንዱ አጭርና ረጅም ሲሆን አሥር ነው፤ ሰባቱ ቅርጾች ለዚህ አይበቁም። እንደ ዸ ያለ አዲስ ተነባቢ መጨመር ቀላል ነበር። አናባቢ ለመጨመር ግን በሁሉም ረድፍ ላይ አዲስ ቅርጽ መቅረጽ ያስፈልጋል። አልፋቤት ላይ አንድ ምልክት መጨመር ይበቃል፤ ወይም ያለውን መድገም።

የሚከፈለውም አለ። ቃሎቹ ይረዝማሉ። በግዕዝ ፊደል ሁለት ፊደል የነበረው በቁቤ ስድስት ፊደል ሊሆን ይችላል። ልጆቼ ሲጽፉ የሚሳሳቱት ልክ እዚያ ላይ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚደገም። ግን ስሕተታቸው ወረቀት ላይ ይታያል፤ አይቼ አርማቸዋለሁ። በአማርኛ ጥብቀቱን ቢሳሳቱ ወረቀቱ ምንም አይነግረኝም።

---

ባለ ብዕር

ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር አሳሰበኝ። ያም ሆኖ ምልክት በየፊደሉ ራስ ላይ ይደርደር የሚለውን አልቀበልም። አማርኛ የሚችል ሰው "ገና በዓል" እና "ገና አልመጣም" የሚሉትን አያምታታም። ለአሥር ሰው ብሎ ሚሊዮኑን ማስቸገር ተገቢ ነው?

---

በጆሮ አንባቢ

በየፊደሉ ያለ ማንም የለም፤ አሻሚ በሆነበት ቦታ ብቻ ነው የምለው። ዐረብኛ ጸሐፊዎች የጥብቀት ምልክታቸውን ሻዳን ሁልጊዜ አይጽፉትም፤ ቃሉ ሊያሳስት በሚችልበት ቦታ ግን ያኖሩታል። "አሥር ሰው" ያሉትን ደግሞ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። አሥር ሰው አይደለንም፤ ንባብ የሚጀምር እያንዳንዱ ልጅና እያንዳንዱ የቋንቋው እንግዳ እዚህ ውስጥ አለ።

---

ባለ ብዕር

"አሥር ሰው" ያልኩት አግባብ አልነበረም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለመማሪያ መጻሕፍት ቢሆን አልቃወምም። ለጋዜጣ ግን አሁንም ልቤ አልተቀበለውም።

---

ሣልሲት

ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ማንም አልመለሰም፤ እኔ ሕፃናትን ሳስተምር ካየሁት ልናገር። በአልፋቤት የሚማር ልጅ የሚሰናከለው ሌላ ቦታ ነው፤ ገና ደጃፉ ላይ። ብ ብቻዋን ስትቆም ምን ትላለች? በአፍ ስትሉት "ብእ" ይሆናል፤ ባዶ ብ በአፍ አይያዝም። ልጁ "ብእ፣ አ" ብሎ ከሁለቱ "ባ" ማውጣት አለበት። ይህን መዋሐድ ለመልመድ ብዙ ወር ይፈጅባቸዋል። በፊደላችን "ባ" ተዋሕዳ ነው የምትመጣው።

ስለዚህ ነገር የታወቀ ጥናት አለ። በ1979 በፖርቱጋል ማንበብ ያልተማሩ ጎልማሶችን ከቃል መጀመሪያ ላይ አንድ ተነባቢ ቀንሱ ወይም ጨምሩ ሲሏቸው አብዛኞቹ አልቻሉም፤ በጎልማሳነታቸው ንባብ የተማሩት ግን ቻሉ። ነጠላ ድምፅን ለይቶ መስማት ከፊደል ትምህርት ጋር የሚመጣ ነው ማለት ነው። ክፍለ ቃልን ግን ያልተማረ ሰውም በቀላሉ ይሰማል፤ እጁን እያጨበጨበ ይቆጥረዋል። በሰሜን አሜሪካ ሴኮያ የተባለው የቼሮኪ ሰው እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል በ1821 ገደማ ለቋንቋው ፊደል የሠራው በክፍለ ቃል ነው፤ ዛሬ 85 ፊደላት አሉት። ሕዝቡም ቶሎ ተማረው፤ በ1828 ጋዜጣ ታተመበት። እሱም ባዶ ተነባቢ አስቸግሮታል፤ ለ"ስ" ብቻ የራሱን ፊደል ሰጥቶ ሌላውን እንዳለ ትቶታል። የአናባቢ ርዝመትንም አይጽፍም።

ስለዚህ መምህር፣ የተማሪዎ ስድስት ሳምንት ድንቅ አይደለም፤ ከፊደሉ ጠባይ የመጣ ነው። አልፋቤት ችግሩን በር ላይ ያስቀድማል፤ የእኛ ፊደል በሩን ከፍቶ ያስገባና ሳሎን ላይ ያቆማል። ለሕፃናት የእኛን እመርጣለሁ። ለጎልማሳ እንግዳ ግን እጠራጠራለሁ፤ አፉ ውስጥ ሕጉ የለምና።

---

ጠያቂው ገብሬ

ጥያቄውን ስቼ ነበር፤ አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ጥንት ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን እንዴት ይለዩት ነበር? ወይስ ያኔም እንዲሁ ነበር?

---

ብራና

በጽሑፉ ላይ አልነበረም፤ በመምህሩ አፍ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በአክሱም ፊደሉ ላይ የአናባቢ ምልክት ከመጨመሩ በፊት ተነባቢ ብቻ ይጻፍ ነበር። አናባቢ ሲጨመር የተነባቢውን ቅርጽ በመለወጥ ስለሆነ ሰባቱ ቅርጾች ለአናባቢ ዋሉ፤ ለጥብቀት የተረፈ ቦታ አልነበረም። ንባቡ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ይተላለፍ ነበር፤ ተማሪው በግዕዝ ንባብ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ነው የሚይዘው። ቃል በቃል የሚሰማ መምህር ባለበት ጉድለቱ አይታይም። ወንድማችን ስልክ ፊት ብቻውን ሲቀመጥ ነው የታየው።

---

የንባብ አስተማሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ተማሪዬን ሳገኛት የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

ፊደል ማስቆጠሩን ተውኩት። አስቀድሜ ቃሉን በአፌ ነገርኳትና በእጇ እንድታጨበጭብ አደረግሁ፤ "ትም-ህርት"፣ ሁለት ጭብጨባ። ከዚያ በኋላ ነው የጻፍኩላት። በየጭብጨባው ሥር መስመር አሰመረች፤ ከዚያ የብራናን ሕግ በራሷ አባባል ነገረችኝ፤ "ሁለት ባዶ ይቻላል፣ ሦስት ባዶ አይቻልም"። "ክብር"፣ "ስልክ" እና "ብርድ"ን ያለ እኔ እርዳታ አነበበች። "ክብር" ላይ ትንሽ ቆማ አሰበችና ትክክሉን አለች፤ ሰምታው ስለምታውቅ ይሁን በሕጉ ይሁን ለመለየት አልቻልኩም።

ከዚያ "ምስክር"ን ሰጠኋት። ክን አላልታ፣ ስን ባዶ አድርጋ፣ በሁለት ክፍለ ቃል አነበበችው። ሕጉን በትክክል ተጠቅማበታለች፤ ስሕተት የሆነው ክ እንደምትጠብቅ ስላላወቀች ብቻ ነው። እስክሪብቶ አንሥቼ ክ ላይ ሁለት ነጥብ አደረግሁበት፤ "ምስክ፟ር"። ለአፍታ አየችው። ቆጠረች። ስ ላይ ድምፅ ጨመረችና በሦስት አነበበችው፤ ቃሉንም አወቀችው።

የመማሪያ ወረቀቶቼን ከነገ ጀምሮ በነጥብ እንደገና እጽፋለሁ። መቼ ነጥቡን አንሥቼ ባዶውን ፊደል እንደምሰጣት ግን አልወሰንኩም። ሣልሲት፣ የእርስዎ ልጆች ነጥብ ሳያዩ ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል?

---

ሣልሲት

የእኔ ልጆች ቃሉን ከመጻፉ በፊት ስለሚያውቁት ነጥብ ሰጥቻቸው አላውቅም፤ ስለዚህ ለእርስዎ ተማሪ የሚሆን ልኬት የለኝም። እኔ ብሆን በአንድ ጊዜ አላነሣውም። በአፏ ደጋግማ ካለቻቸው ቃላት ላይ አንድ በአንድ አነሣለሁ፤ አዲስ ቃል ላይ ግን እተወዋለሁ።

---

የቁልፍ ሰሌዳ ሰው

መምህር፣ ወረቀቶቹን በኮምፒውተር የሚጽፉ ከሆነ ነጥቡን ከፊደሉ ቀጥሎ ያስገቡት፤ ከፊደሉ በፊት ከሆነ በቀዳሚው ፊደል ራስ ላይ ነው የሚያርፈው። ሲያትሙም መጀመሪያ አንድ ገጽ ብቻ አውጥተው ነጥቦቹ የት እንዳረፉ ይመልከቱ። በጆሮ አንባቢ፣ እርስዎ ደግሞ "ሽፍ፟ታ"ን ስልክዎ እንዴት እንደሚያነበው ቢነግሩኝ እፈልጋለሁ።

---

በጆሮ አንባቢ

አሁን አስነበብኩት። ነጥቡን ዘልሎ እንደ ድሮው ወንበዴ አድርጎ አነበበው።